ከዜሮ በታች የወጣው ታርጌት፦ ደብል ቶፕና ሄድ ኤንድ ሾልደርስ በቢትኮይን ቻርት ላይ

እ.ኤ.አ. በ2021 ቢትኮይን ሁለት ትልልቅ ጫፎች ሠርቷል። በኤፕሪል 14 ወደ 64,800 ዶላር፣ በኖቬምበር 10 ደግሞ ወደ 69,000 ዶላር ወጣ። በመካከላቸው በጁን 22 እስከ 28,800 ዶላር ወርዶ ነበር። ይህን ደብል ቶፕ፣ ማለትም በሁለት ተቀራራቢ ጫፎች የሚታይ የመገልበጥ ቅርጽ፣ ብሎ በተለመደው መንገድ የለካ ሰው ከ69,000 ላይ 28,800 ይቀንስና 40,200 ያገኛል። ያንኑ 40,200 ከ28,800 ላይ መልሶ ሲቀንስ ታርጌቱ፣ ማለትም ዋጋው ይወርድበታል ተብሎ የሚጠበቀው ቦታ፣ ከዜሮ በታች 11,400 ዶላር ይሆናል። እንዲህ ያለ ዋጋ ደግሞ የለም።

ስሌቱ አልተሳሳተም። የተሳሳተው መለኪያው ነው። ብዙ የክሪፕቶ ትሬደሮች ቅርጾቹን አይተው መለየት ይችላሉ፤ ታርጌቱን ሲለኩ ግን ከአክሲዮን ገበያ የተወረሰውን ቀመር እንዳለ ይወስዱታል። ለዚህ ከ2021 የቢትኮይን ዕለታዊ ቻርት የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቱንም ቅርጾች አሳይቷል፤ የከሸፈ ደብል ቶፕ ሄድ ኤንድ ሾልደርስ፣ ማለትም መካከለኛው ጫፍ የሚበልጥበት የሦስት ጫፍ ቅርጽ፣ ሆኖ ሲወጣም ይታይበታል። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ዋጋዎቹን ወደ ቅርብ መቶ አጠጋግቻቸዋለሁ። ከአንዱ ኤክስቼንጅ ወደ ሌላው ጥቂት መቶ ዶላር ልዩነት ስላለ፣ የራስዎን ቻርት ሲከፍቱ ቁጥሩ ትንሽ ፈንጠር ቢል አይገረሙ።

ከማርች እንጀምር። ቢትኮይን በ2020 መገባደጃ ከ10,000 ዶላር አካባቢ ተነስቶ ማርች 13 ላይ 61,800 ደረሰ። ይህ ቅድመ ጉዞ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለቱም ቅርጾች የመገልበጥ ምልክት ናቸውና የሚገለብጡት ነገር ያስፈልጋቸዋል። ለወራት ወደ ጎን ሲንከላወስ በነበረ ዋጋ መካከል ሦስት ጉብታ ቢታይ ቅርጹ ራስና ትከሻ ይምሰል እንጂ ትርጉም የለውም። በአምስት ደቂቃ ቻርት ላይ፣ እምብዛም በማይገበያዩበት ትንሽ ኮይን ላይ፣ በቀን አሥር ጊዜ የሚታየው ሄድ ኤንድ ሾልደርስም በአብዛኛው እንዲህ ያለው ነው።

ከማርች 13 በኋላ ዋጋው ማርች 25 ላይ ወደ 50,300 ወረደ፣ ከዚያ ተመልሶ ኤፕሪል 14 ላይ 64,800 ነካ። እዚህ ላይ ቆመን ብናየው ሁለት ጫፎችና በመካከላቸው አንድ ዝቅታ አለን። ሁለተኛው ጫፍ ከመጀመሪያው በ5 በመቶ ያህል ይበልጣል። ጥብቅ የሆኑት ሰዎች በሁለቱ ጫፎች መካከል ከ3 በመቶ በላይ ልዩነት ሲኖር ደብል ቶፕ አይሉትም። ክሪፕቶ የሚወዛወዝበትን ስፋት ሳስብ እኔ 5 በመቶን እቀበላለሁ። ዋናው ጥያቄ ግን የጫፎቹ መመሳሰል አይደለም፤ መካከል ያለው ዝቅታ ተሰብሯል ወይ ነው። ያ ዝቅታ እስኪሰበር ድረስ ደብል ቶፕ የለም፤ ያለው ሁለት ጊዜ ወጥቶ የተመለሰ ዋጋ ብቻ ነው። በጤናማ ጉዞ ውስጥም እንዲህ ያለ ነገር ሁልጊዜ ይገጥማል።

ተሰበረ ወይ? የኤፕሪል 24 ካንድል፣ የቀኑን የዋጋ እንቅስቃሴ የሚያሳየው ምልክት፣ ከ50,300 ትንሽ ዝቅ ብሎ ተዘጋ። በማግስቱ ኤፕሪል 25 ዋጋው በቀኑ ውስጥ እስከ 47,000 ወርዶ በ49,000 ገደማ ተዘጋ። ሁለት ዕለታዊ መዝጊያዎች ከመስመሩ በታች ነበሩ ማለት ነው። ሰው ሁሉ ደብል ቶፕ ተረጋገጠ ብሎ ለመሸጥ የሚጣደፈው እንዲህ ባለው ሰዓት ነው። ነገር ግን ኤፕሪል 26 ቢትኮይን ዘሎ በ54,000 ተዘጋ፤ ሜይ ወር በገባ በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ወደ 59,500 ደረሰ። በ49,000 ሾርት የገባ፣ ማለትም ዋጋው ይወርዳል ብሎ የተወራረደ ሰው ከ20 በመቶ በላይ ሲነሳበት ቁጭ ብሎ አይቷል። በሌቨሬጅ፣ ማለትም በብድር ገንዘብ፣ የገባ ከሆነ ደግሞ ቁጭ ብሎ የማየት ዕድሉም አልነበረውም።

ለእንዲህ ያለው ወጥመድ በአክሲዮን ቻርት ዘመን የተለመደ አንድ ማጣሪያ አለ፤ መዝጊያው ከመስመሩ በ3 በመቶ እስካልራቀ ድረስ ተሰበረ አይባልም። ከ50,300 ላይ 3 በመቶ ስንቀንስ 48,800 ገደማ ይመጣል። የኤፕሪል 25 መዝጊያ 49,000 ስለነበር ማጣሪያው ሰውየውን ባዳነው ነበር። በሁለት መቶ ዶላር ብቻ መዳኑን ግን አንርሳ። ማጣሪያው የውሸት ስብራቶችን ቁጥር ይቀንሳል፤ ጨርሶ አያጠፋቸውም።

የሚገርመው ይህ የከሸፈ ደብል ቶፕ የሌላ ቅርጽ አካል መሆኑ ነው። አሁን ከግራ ወደ ቀኝ ሦስት ጫፎች አሉን። የመጀመሪያው 61,800 የግራ ትከሻ፣ 64,800 ራስ፣ 59,500 የቀኝ ትከሻ ይሆናሉ። ራሱ ከሁለቱም ይበልጣል። ከግራ ትከሻ እስከ ራስ አንድ ወር ገደማ፣ ከራስ እስከ ቀኝ ትከሻ ደግሞ ከሦስት ሳምንት በላይ ፈጅቷል፤ ስለዚህ ሁለቱ ትከሻዎች በጊዜም በቁመትም ይቀራረባሉ። ከሁሉ የሚናገረው የቀኝ ትከሻው ነው። ገዢዎች አዲስ ጫፍ ለመሥራት ሞክረው ካለፈው ጫፍ ብቻ ሳይሆን ከግራው ትከሻም በታች ደክመው ቀሩ ማለት ነውና።

የአንገት መስመሩ፣ ኔክላይን የሚባለው፣ ከራሱ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ዝቅታዎች ያገናኛል። እነሱም የማርች 25 ዝቅታ 50,300 እና የኤፕሪል 25 ዝቅታ 47,000 ናቸው። መስመሩ ወደ ታች ያዘነብላል፤ በ31 ቀን 3,300 ዶላር፣ ማለትም በቀን 106 ዶላር ያህል ይወርዳል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩልና አንዱን ዝቅታ ብቻ ወስዶ አግድም መስመር ያሰምራል። አንገቱ ሲያዘነብል ይህ ልኬቱን ያዛባዋል፤ መስመሩ ራስ በተሠራበት ቀን ያለው ዋጋና በስብራቱ ቀን ያለው ዋጋ ይለያያሉና ሁለቱንም ለየብቻ ማንበብ ያስፈልጋል።

እናንብባቸው። ከማርች 25 እስከ ራሱ ቀን ኤፕሪል 14 ድረስ 20 ቀን ነው። መስመሩ በዚያ ቀን 48,200 ገደማ ላይ ነበር። ስለዚህ የራሱ ቁመት ከ64,800 ላይ 48,200 ሲቀነስ 16,600 ዶላር ይሆናል። ይህን ቁመት ቀጥ ብለው ወደ ታች ይለኩት፤ ከራሱ ጫፍ ወደ ዝቅታው በሰያፍ የሚለኩ ሰዎች አጋጥመውኛል፣ ልክ አይደለም።

ቀጥሎ ስብራቱ። ሜይ 16 ዋጋው በቀኑ ውስጥ ከመስመሩ በታች ወርዶ ነበር፤ በ46,400 ገደማ ሲዘጋ ግን ተመልሶ ከመስመሩ በላይ ሆነ። የካንድል ጅራት ብቻ ነው የወጋው። ክሪፕቶ ቀንና ሌሊት፣ ቅዳሜና እሁድ የሚገበያዩበት ስለሆነ እንዲህ ያሉ ጅራቶች ይበዛሉ። በሌቨሬጅ የተያዙ ፖዚሽኖች በግድ ሲዘጉ ዋጋው ለደቂቃዎች ተወርውሮ ይመለሳል። ዕለታዊ ካንድል በዓለም አቀፉ የዩቲሲ ሰዓት እኩለ ሌሊት ላይ ነው የሚዘጋው፤ ያንን መዝጊያ መጠበቅ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ሜይ 17 ዋጋው በ43,500 ተዘጋ፤ መስመሩ በዚያ ቀን 44,700 ላይ ነበር። ይህ እውነተኛ ስብራት ነው፣ ነገር ግን ከመስመሩ የራቀው 3 በመቶ አልሞላም። ሜይ 18 ዋጋው ወደ 45,800 ተነስቶ የተሰበረውን መስመር ከታች ነካ፣ ለአፍታም አለፈው፣ ከዚያ በ42,900 ተዘጋ። ሪቴስት የሚባለው ይህ ነው። በዚህ መዝጊያ የ3 በመቶው ማጣሪያም ተሟላ። በማግስቱ ሜይ 19 ዋጋው እየተንኮታኮተ ወደ 30,000 ወረደ።

ታርጌቱ ስንት ነበር? በተለመደው ቀመር እንዲህ ነው፦

```
ታርጌት = በስብራቱ ቀን ያለ አንገት − (ራስ − በራሱ ቀን ያለ አንገት)
       = 44,700 − (64,800 − 48,200)
       = 28,100
```

የሜይ 19 ውድቀት 30,000 ላይ ቆመ፤ ከታርጌቱ በ2,000 ዶላር ያህል ከፍ ብሎ ማለት ነው። ከአንድ ወር በኋላ ጁን 22 ላይ 28,800 ሲነካም ጥቂት መቶ ዶላር ይቀረው ነበር። 28,100 ላይ የመዝጊያ ትዕዛዝ አስቀምጦ የጠበቀ ሰው ትክክል እያሰበ፣ ትዕዛዙ ሳይሞላለት ዋጋው ሲመለስ አየ።

አሁን ያንኑ ቁመት በዶላር ሳይሆን በመቶኛ እንለካው። ከ64,800 እስከ 48,200 ያለው ውድቀት 25.6 በመቶ ነው። ከ44,700 ላይ 25.6 በመቶ ስንቀንስ 33,250 ገደማ እናገኛለን። ይህ ታርጌት ስብራቱ በተረጋገጠ ማግስት ያለ ችግር ተሟልቷል። ቀመሩ በማካፈልና በማባዛት ይሠራል፦

```
ታርጌት = በስብራቱ ቀን ያለ አንገት × (በራሱ ቀን ያለ አንገት ÷ ራስ)
       = 44,700 × (48,200 ÷ 64,800)
       = 33,250 ገደማ
```

በመቶኛ የተለካው ታርጌት ሁልጊዜ በዶላር ከተለካው ከፍ ብሎ፣ ማለትም ቀረብ ብሎ ይገኛል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። 16,600 ዶላር ከ64,800 ላይ ሲቀነስ የሩብ ያህል ውድቀት ነው፤ ከ44,700 ላይ ሲቀነስ ግን ከሲሶ ይበልጣል። ሻጭም ገዢም የሚያስበው በያዘው ገንዘብ ድርሻ ስለሆነ በሁለቱ ቦታዎች ላይ ያው 16,600 አንድ ዓይነት ጉልበት አይጠይቅም። በቀን 1 በመቶ የሚንቀሳቀስ አክሲዮን ላይ ቅርጹ ትንሽ ስለሆነ የሁለቱ መለኪያዎች ልዩነት እዚህ ግባ አይባልም። የቅርጹ ቁመት የዋጋውን ሩብ ወይም ግማሽ በሚያህልበት ገበያ ግን ልዩነቱ በሺዎች ዶላር ይቆጠራል።

በትሬዲንግቪው ላይ ይህን ማየት ቀላል ነው። ከቻርቱ ቀኝ በኩል ያለውን የዋጋ መለኪያ በቀኝ ጠቅ አድርገው Logarithmic የሚለውን ሲመርጡ እኩል የመቶኛ ለውጦች እኩል ቁመት ይኖራቸዋል። ያኔ የራሱን ቁመት ለክተው ከስብራቱ ነጥብ በታች ቢያወርዱት የመቶኛውን ታርጌት ያገኛሉ። አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ። በተራው መለኪያ ያሰመሩት ያዘነበለ መስመርና በሎጋሪዝሙ ያሰመሩት መስመር አንድ አይደሉም። እዚህ በኛ ምሳሌ በስብራቱ ቀን የነበራቸው ልዩነት 100 ዶላር ገደማ ብቻ ስለሆነ ትተነዋል። ለወራት በተዘረጋ ገደላማ አንገት ላይ ግን ስብራቱ የተፈጠረበትን ቀን ሊቀይረው ይችላል፤ አንዱን መለኪያ መርጠው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእሱ ይሥሩ።

አሁን ወደ ትልቁ ደብል ቶፕ እንመለስ። 69,000 እና 64,800 በ6 በመቶ ተኩል ይለያያሉ፤ ጥብቆቹ ሰዎች ይህንንም አይቀበሉትም። እንቀበለው ብንል እንኳ መካከል ያለው ዝቅታ 28,800 መሰበር ነበረበት። በኖቬምበር 2021 «ደብል ቶፕ ነው» ያለ ሰው ውሎ አድሮ ልክ ቢሆንም በዚያን ጊዜ በእጁ የነበረው ግምት እንጂ ማረጋገጫ አልነበረም። ማረጋገጫው የመጣው ከሰባት ወር በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ከጫፉ ከግማሽ በላይ ወርዷል። ደብል ቶፕ ጫፍ ላይ ለመሸጥ የሚያገለግል መሣሪያ አይደለም የምለው ለዚህ ነው። ቅርጹ ሰፊ በሆነ ቁጥር ማረጋገጫው እየዘገየ ይመጣል።

ማረጋገጫው ራሱም አንድ ጊዜ መጥቶ አላበቃም። ሜይ 12 ቀን 2022 ዋጋው ከ27,000 በታች ወረደ፣ ግን በ29,000 ገደማ ተዘጋ፤ እንደገና ጅራት ብቻ ነበር። ሜይ 27 በ28,600 ተዘጋ፤ ከመስመሩ በታች ነው፣ ግን 1 በመቶ እንኳ አልራቀም። በማግስቱም ዋጋው ተመልሶ መስመሩ ላይ ቆመ። በመጨረሻ ጁን 12 በ26,800 ገደማ ሲዘጋ ርቀቱ ከ3 በመቶ አለፈ። በማግስቱ 22,500 ላይ ተዘጋ፣ ጁን 18 ደግሞ ወደ 17,600 ወረደ።

በዶላር የተለካው ታርጌት ከዜሮ በታች ስለነበር ምንም አልነገረንም። በመቶኛ ስንለካ 28,800ን ለ69,000 አካፍለን ውጤቱን በ28,800 ስናባዛ 12,000 ዶላር ገደማ ይመጣል። የዚያ ዙር የመጨረሻ ዝቅታ ኖቬምበር 21 ቀን 2022 የታየው 15,500 ገደማ ነው። ዋጋው ወደ ታርጌቱ ከሚወስደው መንገድ አራት አምስተኛ ያህሉን ሄዶ ቆመ፤ 12,000ን አልነካም። ስለዚህ መቶኛው የተሻለ መለኪያ ነው እንጂ የተሰጠ ቃል ኪዳን አይደለም። በትልልቅ ቅርጾች ላይ የማደርገው የታርጌቱን ግማሽ ወይም ሁለት ሦስተኛ መንገድ እንደ መጀመሪያ መውጫ መያዝ ነው። እዚህ ግማሹ 20,400 ይሆናል፤ ስብራቱ በተረጋገጠ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ተሟልቷል።

ታርጌቱ ከተለካ በኋላ ብዙ ሰው የሚዘለው አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ይህ ንግድ ዋጋ አለው ወይ? የሜይ 2021ን ሄድ ኤንድ ሾልደርስ እንደገና እንየው። ማጣሪያውን ጠብቆ በ42,900 ሾርት የገባ ሰው ታርጌቱ 33,250 ከሆነ የሚጠብቀው ትርፍ 9,650 ዶላር ነው። በመማሪያው መንገድ ስቶፕ ሎሱን፣ ኪሳራውን የሚቆርጥለትን ትዕዛዝ፣ ከቀኝ ትከሻው በላይ፣ 59,500 ላይ ቢያደርገው፣ ሊከስር የሚችለው 16,600 ዶላር ነው። ቅርጹ ልክ ነበር፣ ታርጌቱም በአንድ ቀን ተሟልቷል፤ ሂሳቡ ግን ገና ሲገባ መጥፎ ነበር። የ28,100ውን ታርጌት ብንወስድ እንኳ ትርፉ 14,800 ሆኖ ከኪሳራው ያንሳል። ስቶፑን ከሪቴስቱ ጫፍ ትንሽ ከፍ አድርጎ፣ 47,000 አካባቢ ያስቀመጠ ሰው ግን 4,100 አስይዞ 9,650 ይጠብቃል። ምክንያቱም ዋጋው የተሰበረውን መስመር አልፎ በዚያ ልክ ከተመለሰ ስብራቱ ከሽፏል፤ እስከ 59,500 የሚጠበቅበት ምክንያት የለም።

ኮይኑን በእጁ ይዞ ለተቀመጠ፣ ሾርት ለማያደርግ ሰው ደግሞ ታርጌቱ ሌላ ጥቅም አለው። ስብራት ከተረጋገጠ በኋላ 40,000 ላይ «ረክሷል» ብሎ ለመግዛት ሲያስብ፣ የተለካው ቦታ ገና 33,250 መሆኑን ካወቀ ገንዘቡን ከፋፍሎ ይይዛል። ከታርጌቱ በኋላ ስለሚሆነው ግን ቅርጹ ምንም አይናገርም። በሜይ 19 ታርጌቱን ያሟላው ቢትኮይን በዚያው አካባቢ ሁለት ወር ያህል ከዋለ በኋላ ተነስቶ ወደ 69,000 ወጥቷል። ያን ጊዜ 33,250 ላይ ሾርቱን ያልዘጋ ሰው ልኬቱ ከሠራለት በኋላ ትርፉን መልሶ አስረክቧል።